እስከ አስር መቁጠር አቃተኝ፦ ትንፋሽን መከታተል ጭንቅላቱ ለማያርፍ ሰው ይሆናል?

ደረሰኝ_ሰብሳቢዋ · እሁድ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። አንብቤ እወጣለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም።

ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። የወር መዝጊያ ሲደርስ ጭንቅላቴ የቅዳሜ መርካቶን ይሆናል። ችግሩ ቤት ገብቼም አይዘጋም። ጓደኛዬ «ቁጭ ብለሽ ትንፋሽሽን ተከታተይ፣ ከአንድ እስከ አስር ቁጠሪ፣ በቃ» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ትናንት ማታ ሞከርኩት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ «ያንን የቫት ደረሰኝ አስገብቼዋለሁ?» የሚል መጣ። ከእሱ ወደ አለቃዬ፣ ከአለቃዬ ወደ ቤት ኪራይ፣ ከዚያ እናቴ ጋ ሳልደውል መቅረቴ። ከአንድ ጀመርኩ። አራት ደረስኩና ደግሞ ጠፋሁ። በሦስተኛው እልህ ያዘኝ። ሳንባዬ እስኪሞላ እየሳብኩ፣ በኃይል እያወጣሁ መተንፈስ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ከንፈሬ ደነዘዘ። ራሴን አዞረኝ። ደንግጬ ተውኩት።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። እንደኔ ዓይነት ሰው ይሄን ነገር ይችለዋል ወይስ ለተረጋጉ ሰዎች የተሠራ ነው? ያ መደንዘዝስ ምንድነው?

እንጦጦ_ሯጭ · እሁድ ማታ 3፡31

እህት፣ ይሄማ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። እኔ እንጦጦ ላይ መሮጥ ስጀምር እንዲሁ ያዞረኝ ነበር። በሁለት ሳምንት ይለቅሻል። ዳገት ላይ ሁለት እርምጃ ሳቢ፣ ሁለት እርምጃ አውጪ።

ደረሰኝ_ሰብሳቢዋ · እሁድ ማታ 3፡34

ወንድሜ፣ ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው። ደግሞ ቁጭ ብዬ ነበር፤ አልሮጥኩም።

እንጦጦ_ሯጭ · እሁድ ማታ 3፡36

አሃ። ቁጭ ብለሽ ነው እንዴ። በይ እሺ።

አሪፍ_ትንፋሽ · እሁድ ማታ 3፡52

ስህተትሽ ቴክኒክ አለመያዝሽ ነው። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ እስከ 7 ያዢ፣ እስከ 8 እየቆጠርሽ በአፍሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። አራት ዙር። እኔ ስብሰባ ከመግባቴ በፊት እሠራዋለሁ፤ ልብ ረጋ ይላል። ዋናው ነገር ብዙ ኦክስጅን ወደ አንጎል ማስገባትና ሐሳብን ባዶ ማድረግ ነው። ሐሳብ ሲመጣ ገፍተሽ አስወጪው። መጀመሪያ ላይ ማዞሩ ኖርማል ነው፤ ኦክስጅኑ እየገባ መሆኑን ያሳያል።

የማታ_ተረኛ · እሁድ ማታ 4፡20

ነርስ ነኝ፤ ተራ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ አጠር ላድርገው።

አሪፍ፣ ግማሹ ልክ ነው። ትንፋሽ ሲወጣ ከገባበት ረዘም ካለ ልብ ዝግ ይላል። ስብሰባ በር ላይ የሚሰማህ እሱ ነው። የኦክስጅኑ ነገር ግን ተገልብጦብሃል። ቁጭ ያለ ጤነኛ ሰው ደሙ ውስጥ በቂ ኦክስጅን አለው፤ በኃይል ስለተነፈሰ ብዙም አይጨምርም። የሚለወጠው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው፤ ከልክ በላይ ይወጣል። እሱ ሲያንስ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች ጠበብ ይላሉ፣ ራስ ያዞራል። ጣትና ከንፈር ላይ ያለው ጉንዳንም ከዚያው ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ከመጠን በላይ ተነፈስሽ እንጂ አየር አላጠረሽም። ሲያጋጥምሽ መሳቡን ተይው፣ ትንፋሽሽን ለራሱ ልቀቂለት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። በኃይል ሳትተነፍሺ እንዲሁ ከመጣ፣ ወይ ደረት ላይ ሕመም ካለው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሐኪም ይይሽ።

አሪፍ_ትንፋሽ · እሁድ ማታ 4፡33

የኦክስጅኑን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። 4-7-8 ግን ለኔ ይሠራል። አልተውም።

ዝግታ · ሰኞ ጠዋት 12፡40

ይሄን ነገር ዓመታት ይዤዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ካንቺ የባሰ ጭንቅላት ነበረኝ፤ ስለዚህ ስለ ጀማሪ ብቻ ልናገር።

አሪፍ ያለው መተንፈሻ ሌላ ሥራ ነው። እሱ ትንፋሽን ቀይሮ ሰውነትን ለማረጋጋት ነው። ጓደኛሽ ያለችሽ ደግሞ ትንፋሽን እንዳለ ትቶ ማየት ነው። አንቺ ማታ ሁለቱን ቀላቀልሻቸው። ቁጥር እየቆጠርሽ በኃይል ሳብሽ፤ መዞሩ ከዚያ መጣ።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፦ ሐሳቡ የማይሄድ ሰው የለም። በፈረንጆቹ 2010 ሃርቫርድ ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን ቀኑን ሙሉ በስልካቸው እየጠየቁ «አሁን የምታስበው የምትሠራውን ነው ወይስ ሌላ?» ብለው ነበር። ከመልሱ 47 በመቶ ገደማው «ሌላ» ነበር። ሦስት ላይ መጥፋትሽ ከሰው የተለየ ጭንቅላት አለሽ ማለት አይደለም። ማታ ቁጭ ስትዪ አየሽው፣ በቃ።

ነገ እንዲህ ሞክሪ። ከመቀመጥሽ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢና የሚያሳስብሽን ሁሉ ለሁለት ደቂቃ ዘርግፊው። ደረሰኝ፣ ኪራይ፣ እናቴ ጋ መደወል። የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ይሄ ይገባሻል፦ የተመዘገበ ነገር ጭንቅላት ላይ እንዲንጠለጠል አያስፈልግም። ከተቀመጥሽ በኋላ ግን መጻፍ የለም፤ ካልሆነ አምስቱን ደቂቃ ስትጽፊ ታልፊዋለሽ።

አልጋ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ እግርሽ መሬት ይንካ። የስልክሽን ማንቂያ 5 ደቂቃ ላይ ሙዪና ስልኩን ገልብጪው። ከዚያ አንድ ቦታ ምረጪ። አየር የሚገባ የሚወጣበት የአፍንጫ ጫፍ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ከፍ ዝቅ የሚለው ሆድ። ለሚያወራ ጭንቅላት እኔ ሆድን እመርጣለሁ። ሰፊ ነው፣ እጅሽንም ልታስቀምጪበት ትችያለሽ። የመረጥሽውን ቢያንስ ለሳምንት አትቀይሪ፤ ቦታ መቀያየር ራሱ አንዱ የመሸሻ መንገድ ነው።

ቁጥሩን ትንፋሽ ሲወጣ ብቻ ጥሪው። ሲገባ ዝም። ሲወጣ በልብሽ «አንድ» በዪ፣ ቃሉን ትንፋሹ እስኪያልቅ አብረሽው ሂጂ። አስር ስትደርሺ ወደ አንድ። ከጠፋብሽም ወደ አንድ። «የት ደርሼ ነበር?» ብለሽ አትፈልጊ፤ ፍለጋው ሌላ ሐሳብ ነው።

አሁን ትልቁ ነገር። አስር መድረስ ውጤት አይደለም። ቁጭ ያለ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ አስር ትንፋሽ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ልምምዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ደረሰኙ ላይ፣ አለቃሽ ላይ፣ ኪራይ ላይ ቆይተሽ ድንገት «ውይ፣ ሄጄ ነበር!» የምትይባት ቅጽበት አለች። እሷን ማንም አላመጣልሽም፤ ከራስሽ ነቃሽ። ከዚያ ሳትቆጪ ወደ ሆድሽ መመለስ። አምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ጊዜ ከጠፋሽና ሃያ ጊዜ ከተመለስሽ፣ ሃያ ጊዜ ሠርተሻል። ማታ «ወደቅኩ» ያልሽበት ቦታ ሁሉ ሥራሽ ነበር። የቀረሽ መናደዱን መተው ነው።

ሐሳብ ገፍቶ ማስወጣት የሚባለው ላይ አልስማማም። ግፊያው ራሱ ሐሳብ ነው።

ደረሰኝ_ሰብሳቢዋ · ሰኞ ማታ 2፡48

የማታ ተረኛ፣ እግዜር ይስጥሽ። ፈርቼ ነበር፣ አሁን ቀለል አለኝ።

ዝግታ፣ ወረቀቱ ጥሩ ነው። አሥራ አንድ ነገር ጻፍኩ፤ ሁለቱ የባለፈው ዓመት ጉዳይ ናቸው! ቁጭ ስል ግን አዲስ ችግር መጣ። ሆዴን ማየት ስጀምር ትንፋሼ ይበላሻል። ወይ ይረዝማል ወይ ይቆረጣል። ሳላየው በደንብ ሲሄድ የኖረ ነገር፣ ሳየው መሥራት ያቆማል። «ሳትነኪው እዪው» ማለት እንዴት ነው?

ዝግታ · ሰኞ ማታ 3፡15

ይሄ ጥያቄ ሁሉም ሰው ጋ ይመጣል። መቆጣጠር የለመደ ሰው ጋ ደግሞ ይብሳል።

ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ስትቀመጪ፣ መኪናው ፍሬን ሊይዝ ሲል እግርሽ ወለሉን ይረግጣል አይደል? አንቺ ግን እየነዳሽ አይደለም። እግርሽ ይርገጥ፣ መኪናው መሄዱን አይተውም። ትንፋሹን ስትቆጣጠሪ ያየሽ ጊዜ «እየረገጥኩ ነው» ብለሽ እወቂው፣ ለማቆም አትታገይ። መቆጣጠሩን ለመቆጣጠር ከሞከርሽ መውጫ የለውም።

አንድ ዘዴ ልስጥሽ። ትንፋሹ ወጥቶ ሲያልቅ፣ የሚቀጥለውን አትሳቢው። ጠብቂው። አፍነሽ መያዝ አይደለም፤ ምንም ሳታደርጊ፣ በሩ ላይ እንግዳ እንደመጠበቅ ነው። ከአፍታ በኋላ ራሱ ይመጣል። የመጣውን አንቺ እንዳላመጣሽው ይሰማሻል። ለጀማሪ አንድ እንደዚህ ያለ ትንፋሽ ማየት ይበቃል። ደጋግመሽ አትፈልጊው፣ አንዴ ይታይሽ።

አየር ያጠረሽ ከመሰለሽ ጥበቃውን ተይው። ትግል ውስጥ ገብተሻል ማለት ነው።

ሌሊት_ወፍ · ሰኞ ማታ 5፡02

ይቅርታ፣ የኔ ጉዳይ ለየት ይላል። እኔ ትንፋሼን ባየሁት ቁጥር ደረቴ ይጠባል። «ቢቆምስ?» የሚል ፍርሃት ይመጣል። ባለፈው ዓመት አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ልብህ ጤነኛ ነው ተባልኩ። «ተለማመደው፣ ይለቅሃል» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ስድስት ቀን ሞከርኩ፣ በየቀኑ ባሰብኝ። እኔ ላይ አይሠራም ማለት ነው?

የማታ_ተረኛ · ሰኞ ማታ 5፡30

ወንድሜ፣ በግድ አትቀጥል። ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ያጋጠመው ሰው ትንፋሹን ሲያይ ፍርሃቱ ሊቀሰቀስ ይችላል። የስንፍና ምልክት አይደለም። ክፉ ነገር ያለፈበት ሰውም እንዲሁ ይሆናል።

ዝግታ · ማክሰኞ ጠዋት 12፡25

የማታ ተረኛ ልክ ናት። የሚለቀው አለ፣ የማይለቀው አለ። በየቀኑ የሚብስ ከሆነ መልሱ ያ ነው።

አንተ ትንፋሹን ተወው። ዓይንህን ሳትጨፍን የእግርህ መዳፍ ወለሉን የሚነካበትን ስማ፤ ሙቀቱ፣ ክብደቱ፣ ጫማው የሚጫንበት ቦታ። ወይ ድምፅ ስማ። ለምሳሌ ባቡሩ ሲያልፍ ከመጣበት እስኪጠፋ። የቀረው ያው ነው፦ ስትሄድ አወቅህ፣ ተመለስክ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ፍርሃቱ ከልምምዱ ውጭም እየመጣ ሥራና እንቅልፍ የሚነሳህ ከሆነ ግን ይሄ መድረክ አይበቃም። ስለ ልብህ ብቻ ሳይሆን ስለ ፍርሃቱ ራሱ የሚሰማህ ባለሙያ ፈልግ።

ሌሊት_ወፍ · ማክሰኞ ከሰዓት 9፡10

እግሩን ሞከርኩት። ደረቴ አልጠበበም። ይሰለቻል ግን።

ጡረተኛው_ከአራት_ኪሎ · ማክሰኞ ማታ 1፡55

ልጆቼ፣ በጨዋታችሁ መሃል ስለገባሁ ይቅርታ። ይህ ነገር የቡድሃ ሃይማኖት አይደለምን? እኛ መቁጠሪያ አለን። 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ» ስንል ልብ ይሰበሰባል። የራሳችንን ትተን የሰው አገር ስለምን እንቆጥራለን?

ዝግታ · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ጋሼ፣ አልደብቅዎትም፤ ሥሩ ከቡድሂስቶች ነው። በፈረንጆቹ 1979 ጆን ካባት-ዚን የሚባል ሰው ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ የሃይማኖቱን ክፍል አውጥቶ፣ የማያቋርጥ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሳምንታት ትምህርት አድርጎ አቀረበው። እኔ የማውቀው ያንን መስመር ነው።

ግን ከጸሎት ጋር አንድ ነው ብዬ አላባብልዎትም። እርስዎ ሲቆጥሩ የሚለምኑት አለ። እዚህ የሚለመን የለም፤ ሆድ ሲነሳ ሲወድቅ ማየት ብቻ ነው። አንዱ የሌላው ምትክ ይሁን አልልም።

ጡረተኛው_ከአራት_ኪሎ · ማክሰኞ ማታ 2፡58

ግልጽ ስለሆንክ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አልረካሁም። ልጅቷ የንስሐ አባቷን ብትጠይቅ ይሻላል።

ሀያት_ፒያሳ · ማክሰኞ ማታ 3፡20

ጋሼ ስለ መቁጠሪያ ሲያነሱ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አያቴ ከሶላት በኋላ 33ቱን «ሱብሓነላህ» የምትቆጥረው በጣቷ አንጓ ነው። አውራ ጣቷ አንጓ አንጓውን እየነካ ይሄዳል። እኔም ትንፋሽ ስከታተል ያንን ወሰድኩ። አራት ጣት፣ እያንዳንዱ ሦስት አንጓ፣ አሥራ ሁለት። አንድ ትንፋሽ ሲወጣ አንድ አንጓ። ቁጥር በጭንቅላቴ ስጠራ ጭንቅላቴ ቁጥሩን እየጠራ ጎን ለጎን ሌላ ያወራል። በጣት ሲሆን የሚዳሰስ ነገር ስላለ ቶሎ እነቃለሁ።

አሪፍ_ትንፋሽ · ማክሰኞ ማታ 3፡26

ይቺ አሪፍ ናት። ታክሲ ውስጥም ትሆናለች፤ ማንም አያይሽም።

ደረሰኝ_ሰብሳቢዋ · እሁድ ማታ 2፡15

ሳምንቴን ልንገራችሁ። ማስታወሻ ይዣለሁ፤ ልማድ ነው መቼስ።

ማክሰኞ ከአራት አላለፍኩም። ረቡዕ ሰባት። ሐሙስ ደስ አለኝ፤ አንዴም ሳልጠፋ እየቆጠርኩ ሄድኩ፣ ሄድኩ… ሳስተውል ሃያ ሦስት ላይ ነኝ! ለካ አፌ እየቆጠረ እኔ የአለቃዬን ኢሜይል እየመለስኩ ነበር። አርብ የወር መዝጊያ ስለነበር አልተቀመጥኩም። ቅዳሜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ አንገቴ ሲወድቅ ነው የነቃሁት። ዛሬ ጠዋት ቁጭ ስል ጊዮርጊስ በኩል የቅዳሴው ድምፅ ይመጣል፣ ጎረቤት ቡና ይወቅጣል። ተናደድኩ፤ በኋላ ግን የሙቀጫውን ድምፅ ስሰማ ቆይቼ ወደ ሆዴ ተመለስኩ። አስር አንዴ ደረስኩ። ምንም አልተፈጠረም።

ጭንቅላቴ አልጸዳም። ልዩነቱ አንድ ነው። ሐሙስ ማታ ጥርሴን እያፋጨሁ ስለ ኪራይ ሳስብ «ይኸው ሄጃለሁ» አልኩ፣ ምንም ሳልቀመጥ፣ ሰሐን እያጠብኩ።

ዝግታ · እሁድ ማታ 2፡50

ሃያ ሦስቱ ከሁሉም ይበልጥብኛል። አስር ላይ ተመለሺ የሚባለው ለዚህ ነው፤ አስርን አልፈሽ ስትገኚ አንቺ እዚያ እንዳልነበርሽ ታውቂያለሽ። ወጥመድ ነው። ሁለቴ ከደገመሽ ከአስር ወደ አንድ ወደ ኋላ ቁጠሪ፤ አፍ አይለምደውም።

እንቅልፉ፦ ከእራት በኋላ፣ ደክሞሽ ከሆነ ይወስድሻል። ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ከፊትሽ ሁለት እርምጃ ያህል ወለሉ ላይ ጣል አድርጊው። ወይ ሰዓቱን ወደ ጠዋት፣ ከስልክ በፊት።

አሪፍ_ትንፋሽ · እሁድ ማታ 2፡58

ዓይን ካልተጨፈነ ምኑን ተመስጦ ሆነ?

ዝግታ · እሁድ ማታ 3፡01

ሁለቱም አለ። አንተ ጨፍን።

ሀያት_ፒያሳ · እሁድ ማታ 3፡12

እኔ ከጨፈንኩ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ፍራሽ ላይ ነኝ። ዓይን ይከፈት ባይ ነኝ።

እንጦጦ_ሯጭ · እሁድ ማታ 3፡30

ልጠይቅ እንጂ፤ ይሄ ሲሮጥም ይቻላል? እግሬ መሬት ሲመታ ብቆጥርስ?

ዝግታ · እሁድ ማታ 3፡38

እግሩን ብትከታተል ደስ ይለኛል፤ ትንፋሹን ዳገት ላይ ተወው። እዚያ ሳንባህ ሥራ አለው። መኪና የሌለበት መንገድ ላይ ይሁን።

ደረሰኝ_ሰብሳቢዋ · ማክሰኞ ማታ 1፡20

ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። የሀያትን አንጓ ሞከርኩ፤ ወደ ኋላም ቆጠርኩ። ስድስት ስደርስ ወያላው «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» አለ። እኔ ስድስተኛዋ አንጓ ላይ አውራ ጣቴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፣ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ገባ።

ከአሥራ ሁለት ጀመርኩ።